ከሥራ አውደ ርዕይ በኋላ ለቅጥር ባለሙያ ኢሜይል መጻፍ፦ ከአዳራሹ መውጫ እስከ ሁለተኛው መልእክት

በሥራ አውደ ርዕይ ላይ ድርጅቱን ወክሎ ቡዝ ውስጥ የሚቀመጥ የቅጥር ባለሙያ በአንድ ቀን ከብዙ ሰዎች ጋር ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ይነጋገራል። ማምሻውን እጁ ላይ የሚቀሩት የሲቪ ክምር፣ በወረቀት ወይም በስልክ የተመዘገበ የስም ዝርዝር እና ከአንዳንዶቹ ስሞች አጠገብ በጥድፊያ የተጻፉ አንድ ሁለት ቃላት ናቸው። በማግስቱ ቢሮ ሲገባ ደግሞ አውደ ርዕዩ ላይ በዋለበት ጊዜ የተጠራቀመው የዘወትር ሥራ ይጠብቀዋል። ከእርስዎ የሚደርሰው ኢሜይል የሚነበበው በዚህ መሀል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚነበበው በስልክ፣ በሁለት ስብሰባዎች መካከል ነው።

ስለዚህ ኢሜይሉ በዋናነት አንድ ተግባር አለው። አንባቢው ያነጋገረውን ሰው፣ የሰውየውን ሲቪ እና ክፍት የሥራ መደቡን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እንዲያገናኝ ማድረግ፣ ከዚያም ምን እንደተጠየቀ ያለ ጥርጥር እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ምስጋናውም ሆነ ትሕትናው ይህን ሊያግዙ ይችላሉ፤ ሊተኩት ግን አይችሉም። ከአውደ ርዕይ በኋላ ከሚላኩት መልእክቶች ብዙዎቹ መልስ የማያገኙት ጸሐፊው ብቁ ስላልሆነ ሳይሆን፣ አንባቢው ጸሐፊው ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ሲል ሌላ ቦታ ሄዶ መፈለግ ስለሚኖርበት ነው።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በብዛት በሚያጋጥመው ሁኔታ ላይ ነው፦ ቡዙ ላይ ተነጋግራችኋል፣ ባለሙያው ፍላጎት አሳይቷል፣ ከዚያም «በድረ ገጻችን ያመልክቱና ይጻፉልኝ» ብሎ አሰናብቶዎታል። ነገሩን በቅርበት ለማየት እንዲያመች አንዲት አመልካች እናስብ። በአንድ መጋዘን ውስጥ በክምችት ቁጥጥር ሥራ ልምድ ያላት ናት፤ በአውደ ርዕዩ ላይ ያነጋገረቻት ባለሙያ ደግሞ መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅትን ወክላ የተቀመጠች ናት። ከዚህ በታች ያሉት ማስታወሻዎችና ኢሜይሎች የዚህች አመልካች ናቸው።

ከአዳራሹ ሳይወጡ ማስታወሻ ይያዙ

የጥሩ ኢሜይል ግማሹ የሚሠራው ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት ነው። ከአንዱ ቡዝ ተነሥተው ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት ጥግ ይዘው የሰሙትን ይጻፉ። ሦስት አራት ድርጅቶችን ካነጋገሩ በኋላ ለመጻፍ ከተቀመጡ ማን ምን እንዳለ ይደባለቅብዎታል፤ የአንዱን ድርጅት ወሬ ለሌላው መጻፍ ደግሞ ምንም ዓይነት ይቅርታ በቀላሉ የማያስተካክለው ስሕተት ነው።

በማስታወሻው ላይ መግባት ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። የባለሙያውን ስም ከነአጻጻፉ እና የሥራ ኃላፊነቱን ይያዙ። የተነጋገራችሁበትን መደብ ትክክለኛ መጠሪያ፣ ከተቻለም የማስታወቂያ ቁጥሩን ይጻፉ። ባለሙያው «እንዲህ ያድርጉ» ያለዎትንና «እኔ ይህን አደርጋለሁ» ያለውን ለየብቻ ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኢሜይሉ ላይ ያልተገባ ቃል አስገብቶ እንደማስፈረም ይመስላልና። በመጨረሻም ከንግግሩ ውስጥ ከእርስዎ ጋር ብቻ የተነሣ አንድ ነገር ይመዝግቡ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ባለሙያው እርስዎን የሚያስታውስዎ በስምዎ ሳይሆን በዚህ ነገር ነውና።

የአመልካቻችን ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

> የቅጥር ባለሙያዋ፣ ካርዷ አለኝ። መደቡ፦ የክምችት ቁጥጥር ሠራተኛ፣ ቁጥር 2217፣ የማታ ፈረቃ። «በድረ ገጽ አመልክቺና ጻፊልኝ» ብላለች። የመጋዘኑ ኃላፊ ማመልከቻዎቹን የሚያየው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ማታ የሙቀት መዝገቡን ራሱን ችሎ የሚይዝ ሰው ቸግሯቸዋል። ማቀዝቀዣው ከወሰን ሲወጣ እኛ ዘንድ ማን እንደሚመዘግብ ጠየቀችኝ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ልብ ይበሉ። ባለሙያዋ ስለ ድርጅቷ ታሪክ ብዙ ተናግራ ሊሆን ይችላል፤ አመልካቿ የያዘችው ግን ድርጅቱን የቸገረውን ነገርና የተጠየቀችውን ጥያቄ ነው። ኢሜይሉ የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

አድራሻውን አይገምቱ

ካርድ ከተሰጠዎት ፊደል በፊደል አይተው ይገልብጡ። ካርድ ካልነበረ ሲሰናበቱ «ማመልከቻዬን ካስገባሁ በኋላ በምን አድራሻ ልጻፍልዎ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ባለሙያውም የመጣው ለዚሁ ስለሆነ ቅር አይለውም። አንዳንድ ባለሙያዎች የግል አድራሻቸውን ከመስጠት ይልቅ የክፍሉን የጋራ አድራሻ ወይም ኪው አር ኮድ ይሰጣሉ። እንዲህ ሲሆን የተሰጠዎትን መንገድ ይከተሉ፤ በጋራ አድራሻው ላይ ሲጽፉ ግን መልእክቱ ለማን እንደሆነ በመጀመሪያው መስመር በስም ይግለጹ።

የሌሎችን ሠራተኞች አድራሻ አቀማመጥ አይቶ የባለሙያውን አድራሻ በግምት መሥራት አይመከርም። ግምቱ ከተሳሳተ `Address not found` የሚል ወይም በውስጡ `550 5.1.1` የሚል ቁጥር የያዘ የመመለሻ መልእክት ይደርስዎታል፤ ትርጉሙም እንዲህ ያለ ተቀባይ የለም ማለት ነው። ከዚህ የሚከፋው ግምቱ በሌላ ሰው አድራሻ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ያን ጊዜ መልእክቱ አይመለስም፣ እርስዎም እንደደረሰ ቆጥረው ይቀመጣሉ። አድራሻ ከሌለዎት በሙያ ትስስር ገጽ ላይ ባለሙያውን ፈልገው አጭር የግንኙነት ጥያቄ መላክ፣ ወይም የአውደ ርዕዩን አዘጋጆች መጠየቅ የተሻለ ነው።

መጀመሪያ ያመልክቱ፣ ከዚያ ይጻፉ

ብዙ አመልካቾች ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል። ሲቪያቸውን በኢሜይል አያይዘው ይልኩና ባለሙያው መዝገብ ውስጥ ያስገባልናል ብለው ይጠብቃሉ። በርካታ ድርጅቶች ግን አመልካቾችን የሚከታተሉት በኮምፒውተር ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ስሙ የሌለን ሰው ባለሙያው ቢወደው እንኳ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ሊያሳልፈው አይችልም፤ ለቃለ መጠይቅ ሊጠራውም ሆነ ለመደቡ ኃላፊ ሊያሳየው የሚችለው ማመልከቻው ሲገኝ ነው። ቡዙ ላይ «በድረ ገጽ ያመልክቱ» ሲባሉ እንደ ማሰናበቻ የቆጠሩት ይኖራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በቀጥታ የተነገረ የሥራ መመሪያ ነው።

ስለዚህ በዚያው ዕለት ማታ ማመልከቻውን ያስገቡ። ቅጹ «ስለ ክፍት ቦታው እንዴት አወቁ?» የሚል ጥያቄ ካለው አውደ ርዕዩን ይምረጡ፤ ቦታ ከተሰጠም ያነጋገረዎትን ባለሙያ ስም ይጻፉ። ማመልከቻው እንደገባ የሚደርስዎትን ማረጋገጫ ያስቀምጡ፣ በላዩ ላይ ያለውን የማመልከቻ ወይም የመደብ ቁጥርም ይያዙ። ይህ ቁጥር ኢሜይሉ ውስጥ ሲገባ ባለሙያው ገልብጦ መፈለጊያው ላይ ያስገባውና ወዲያው ያገኝዎታል። በማመልከቻው ላይ የተጠቀሙበት ስምና የኢሜይል አድራሻ መልእክቱን ከሚልኩበት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ከተለያየ ሥርዓቱ ሁለት ሰው አድርጎ ሊያያችሁ ይችላል።

ድርጅቱ ለጊዜው ክፍት መደብ ከሌለው ወይም ማስታወቂያው ገና ካልወጣ ግን ማመልከቻውን እየጠበቁ አይቆዩ። ኢሜይሉን ይላኩ፤ ማስታወቂያው ሲወጣ በዚያው ቀን እንደሚያመለክቱ ይግለጹ፣ ሲወጣም ቃልዎን ይጠብቁ።

የመላኪያው ሰዓት

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ በሚጀመርበት ሰዓት አካባቢ እንዲደርስ መላክ ጥሩ ነው። በጥቅሉ ከ24 ሰዓት ባያልፍ ይመረጣል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ግን የባለሙያው ትውስታ እየደበዘዘ፣ የሲቪው ክምርም ተለይቶ እያለቀ ይሄዳል። አውደ ርዕዩ የተካሄደው በሳምንቱ የመጨረሻ የሥራ ቀን ከሆነ በዚያው ምሽት ጽፈው ይጨርሱና መልእክቱ በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጠዋት እንዲሄድ ያድርጉ። ጂሜይል ለዚህ ከመላኪያው ቁልፍ አጠገብ `Schedule send` የሚል ምርጫ አለው፤ ሌሎች የኢሜይል አገልግሎቶችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። አውደ ርዕዩ ብዙ ቀን የሚቆይ ከሆነም ባለሙያው እስከ መጨረሻው ቀን ቡዝ ላይ እንደሚውል ያስቡ።

ባለሙያው ራሱ ቀን ከቆረጠልዎ ይህ ሁሉ ይቀራል። «እስከ ነገ ቀትር ላኩልኝ» ካለ እስከ ነገ ቀትር ነው።

የርዕሰ ጉዳዩ መስመር

በስልክ ላይ የርዕሰ ጉዳዩ መስመር ሁሉም አይታይም፤ የሚታየው መጀመሪያ ላይ ያሉት ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የሚፈልገው ነገር ከፊት ይቅደም። «በትናንትናው የሥራ አውደ ርዕይ ላይ ስለተገናኘን ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ስለማቅረብ» የሚለው ርዕስ ትሕትና አያንሰውም፤ ነገር ግን ስልኩ ላይ የሚታየው ክፍል ከማንኛውም ሌላ አመልካች ርዕስ አይለይም። «እንደምን አሉ» ወይም «ሲቪ» ብቻ ብሎ መላክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

አመልካቻችን የጻፈችው ይህ ነው፦

> የክምችት ቁጥጥር ሠራተኛ 2217፣ ትናንት በአውደ ርዕዩ የተነጋገርነው

መደቡ ቀደመ፣ ቁጥሩ ተከተለ፣ የተገናኙበት አጋጣሚ መጨረሻ ላይ መጣ። መስመሩ መሀል ላይ ቢቆረጥ እንኳ ባለሙያዋ ጉዳዩን ታውቀዋለች፤ ከወር በኋላም በመደቡ ቁጥር ብትፈልግ መልእክቱ ይወጣል።

ጽሑፉ፦ አንዱን ረቂቅ ከሌላው ጋር ማነጻጸር

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ያለ ነው፦

> ጤና ይስጥልኝ። በትናንትናው አውደ ርዕይ ላይ ስለተዋወቅን በጣም ደስ ብሎኛል። ድርጅታችሁ በዘርፉ ግንባር ቀደም መሆኑን ሁልጊዜም አደንቃለሁ። እኔ ታታሪ፣ ከሰው ተግባቢና በጫና ውስጥ መሥራት የምችል ባለሙያ ነኝ። ለእኔ የሚሆን ማንኛውም ክፍት ቦታ ካለ እንደሚያሳውቁኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሲቪዬን አያይዣለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ነውር የለም፤ ችግሩ ማንም ሰው ለማንኛውም ድርጅት ሊልከው መቻሉ ነው። «ተዋወቅን» ይላል፤ ማን ከማን ጋር፣ ስለ ምን እንደተነጋገረ ግን አይናገርም። «ታታሪ» እና «ተግባቢ» የሚሉት ቃላት ባለሙያዋ ልታረጋግጣቸው የማትችላቸው ናቸው። ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ «ማንኛውም ክፍት ቦታ» የሚለው ነው፤ ለአመልካቹ የሚስማማውን መደብ የመፈለጉን ሥራ ባለሙያዋ ላይ ይጥላልና። ትሑት ለመሆን ታስቦ የተጻፈ ሐረግ ለአንባቢው ተጨማሪ የቤት ሥራ ሆኖ ይደርሳል። ምንም ዓይነት ግልጽ ጥያቄም ስለሌለው ባለሙያዋ «ተቀብያለሁ» ብላ በልቧ ከማለፍ በቀር የምትመልሰው ነገር የለም።

በማስታወሻዋ ላይ ተመሥርታ አመልካቿ እንደገና ስትጽፈው ይህን መልክ ያዘ፦

> ክብርት ወይዘሮ …፣
>
> ትናንት ከሰዓት በኋላ በአውደ ርዕዩ ላይ ስለ መጋዘን ሥራ ስንነጋገር፣ ማቀዝቀዣ ከወሰን ሲወጣ ማን እንደሚመዘግብ የጠየቁኝ አመልካች ነኝ። ጊዜ ሰጥተው ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ።
>
> እንደነገሩኝ ለክምችት ቁጥጥር ሠራተኛ መደብ (ቁጥር 2217) ትናንት ማታ በድረ ገጻችሁ አመልክቻለሁ።
>
> በማታው ፈረቃ የሙቀት መዝገቡን ራሱን ችሎ የሚይዝ ሰው እንደምትፈልጉ ገልጸውልኝ ነበር። አሁን በምሠራበት መጋዘን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ያለባቸውን ምርቶች የሙቀት መዝገብ በፈረቃዬ የምሞላው እኔ ነኝ። ከወሰን የወጣ ንባብ ሲያጋጥም ምርቱን ለይቼ አስቀምጬ ለጥራት ክፍል አሳውቃለሁ፤ እስኪፈቀድም ከመጋዘን አይወጣም።
>
> የመጋዘኑ ኃላፊ ማመልከቻዎቹን የሚያዩት በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑን ነግረውኛል። ከዚያ በፊት የማሟላው ሰነድ ካለ በአንድ መስመር ቢያሳውቁኝ በዚያው ቀን እልካለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር

የመጀመሪያው አንቀጽ ስሟን ሳይሆን የተጠየቀችውን ጥያቄ ነው ያስቀደመው። ባለሙያዋ የብዙ አመልካች ስም ሰምታለች፤ ያን ጥያቄ ግን ለሁሉም አልጠየቀችም። ሁለተኛው አንቀጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የታዘዘችውን መፈጸሟን ይናገራል፣ መፈለጊያ ቁጥሩንም ይሰጣል።

ሦስተኛው አንቀጽ የኢሜይሉ ልብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜዎን የሚፈልገውም እርሱ ነው። ባለሙያዋ ድርጅቱን የቸገረውን ነገር ተናግራለች፤ አመልካቿም ያንኑ ነገር አንሥታ በአሁኑ ሥራዋ ምን እንደምታደርግ በተግባር አስረድታለች። «በቀዝቃዛ ሰንሰለት አያያዝ ሰፊ ልምድ አለኝ» ማለት ትችል ነበር። ከዚያ ይልቅ ምርቱን እንደምትለይ፣ ለማን እንደምታሳውቅ እና እስኪፈቀድ እንደማታወጣ ጻፈች። የቅጥር ባለሙያዋ የመጋዘን ሥራ ዝርዝር ላታውቅ ትችላለች፤ ይህ አንቀጽ ግን ለኃላፊው እንዳለ ሊተላለፍ ይችላል፣ ኃላፊውም ሲያነበው ሥራውን የሠራ ሰው እንደጻፈው ያውቃል። በዚህ አንቀጽ ላይ በማመልከቻው ወይም በሲቪው ውስጥ የሌለ ነገር መጨመር የለበትም፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጥርጣሬው ወደ አመልካቿ ነው የሚመለሰው። የአሁኑን አሠሪ የውስጥ መረጃ፣ ለምሳሌ የደንበኞችን ስም ወይም የደረሰ ጉዳትን መጠን ማስገባትም አይገባም።

ጥያቄው አንድ ነው፤ በአንድ መስመርም ሊመለስ ይችላል። ባለሙያዋ የመደቡን ውሳኔ ብቻዋን ስለማትወስን «መቼ ትቀጥሩኛላችሁ?» ወይም «ዕድል አለኝ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ልትመልሰው የማትችለውን መጠየቅ ይሆናል። ደመወዝንም ማንሣት በዚህ ደረጃ አይመችም። በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነገር መጠየቅ ደግሞ አለማንበብን ያሳያል።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ልጨምር። ባለሙያው ራሱን ባስተዋወቀበት ስም መጥራት፣ ስሙንም በካርዱ ላይ እንዳለ መጻፍ ይገባል። ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት መሆኗን ካላወቁ ማዕረጉን ትተው «ክብርት» ብለው ሙሉ ስሟን ይጻፉ። ባለሙያዋ ቡዙ ላይ «አንቺ» እያለች ብታናግርዎም እንኳ በጽሑፍ «እርስዎ» ማለት የሚያስቀይመው ሰው የለም። ድርጅቱን ሲጠቅሱ «ድረ ገጻችሁ»፣ ሰውዬዋን ሲጠቅሱ «ነግረውኛል» እያሉ ሁለቱን መለየትም ጽሑፉን ያጠራዋል።

ቡዙ ላይ ያነጋገረዎት የቅጥር ባለሙያ ሳይሆን የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ወይም መሐንዲስ ከነበረ ሦስተኛው አንቀጽ ወደ ሙያዊ ዝርዝር ጠለቅ ሊል ይችላል፤ የማመልከቻ ሂደቱን የሚመለከተው ጥያቄ ግን ለቅጥር ክፍሉ ይቅር። ከአንድ ድርጅት ሁለት ሰዎችን አነጋግረው ከሆነ ለሁለቱም መጻፍ ይችላሉ፤ ግን ጽሑፎቹ የተለያዩ ይሁኑ። ሁለቱ በአንድ ቢሮ የሚሠሩ ናቸውና አንድ ዓይነት መልእክት እንደደረሳቸው ማወቃቸው አይቀርም።

አባሪ እና የመጨረሻው ፍተሻ

ሲቪው በማመልከቻው ላይ ስላለ ማያያዝ ግዴታ አይደለም፤ ባለሙያው እንዲያያዝ ከጠየቀ ወይም ማመልከቻው ገና ካልገባ ግን ያያይዙ። ፋይሉ ፒዲኤፍ ይሁን፤ በስልክ ሲከፈት አቀማመጡ አይፈርስም። የፋይሉ ስም የእርስዎን ሙሉ ስምና የመደቡን መጠሪያ ይያዝ፤ «የመጨረሻ ሲቪ 3» የሚል ፋይል በብዙዎች መካከል ሲወርድ ባለቤቱ አይታወቅም። ፋይሉን በክላውድ ማከማቻ አስቀምጦ አገናኙን ብቻ መላክ ሁለት ችግር ያመጣል። ፈቃድ የሚጠይቅ ገጽ ሊከፈት ይችላል፤ ከማይታወቅ ላኪ የሚመጣን አገናኝ የድርጅቱ የደኅንነት ማጣሪያ ወደ ስፓም ሊጥለውም ይችላል። አገናኝ መላክ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ከመለያዎ ወጥተው በግል መስኮት ከፍተው ይሞክሩት፤ የማሳጠሪያ አገልግሎትም አይጠቀሙ።

ከመላክዎ በፊት መልእክቱን ለራስዎ ልከው በስልክ ያንብቡት። በላኪው ቦታ ላይ የሚታየው ስም ሲቪው ላይ ያለው መሆኑን ይመልከቱ፤ የቆየ ቅጽል ስም እዚያ ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከዚያ የባለሙያውን ስም፣ የድርጅቱን ስም እና የመደቡን ቁጥር ከማስታወሻው ጋር ያስተያዩ። በአንድ ምሽት ለብዙ ድርጅቶች የሚጽፉ ከሆነ የአንዱን መልእክት ገልብጦ ስሙን መለወጥ ያጓጓል፤ የሌላ ድርጅት ስም ሳይለወጥ የሚቀረውም በዚህ መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ ባዶ ገጽ ከፍቶ ከማስታወሻው መጀመር ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል፤ ያንን ደቂቃ መስጠት ይሻላል። የተቀባዩን አድራሻ ደግሞ በመጨረሻ ይሙሉት፤ ያልጨረሱት ጽሑፍ በስሕተት አይሄድም።

ከተላከ በኋላ

ወዲያው የሚደርስ ራስ ሰር መልስ ካለ ሳያነቡ አይለፉት። ባለሙያው ለጊዜው ከቢሮ ውጪ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚመለስበትን ቀንና በምትኩ የሚሠራውን ሰው አድራሻ ይነግራል። የመመለሻው ቀን ከተገለጸ የጥበቃ ጊዜዎን ከዚያ ቀን ጀምረው ይቁጠሩ። ጉዳዩ በቅርቡ የሚዘጋ ማመልከቻን የሚመለከት ካልሆነ ተተኪውን ማስቸገር አያስፈልግም።

መልስ ካልመጣ ከ5 እስከ 7 የሥራ ቀናት ይጠብቁ። ዝምታው በራሱ ብዙ ነገር አይናገርም። ማስታወቂያው የሚዘጋበት ቀን ገና ሊሆን ይችላል፣ ኃላፊው ማመልከቻዎቹን አላያቸውም ይሆናል። ባለሙያው ቀን ጠቅሶ ከነበረ ያ ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ሁለት የሥራ ቀን ጨምረው ይጻፉ። አመልካቻችን ኃላፊው «በሚቀጥለው ሳምንት» እንደሚያይ ስለተነገራት ሁለተኛውን መልእክት የምትልከው ያ ሳምንት ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መልእክት በመጀመሪያው ላይ በመመለስ ይላካል፤ ከተላኩት መልእክቶች ውስጥ የመጀመሪያውን ከፍተው `Reply` ይጫኑ። ባለሙያው ታሪኩን ሁሉ ከታች ያገኘዋል፣ እርስዎም መድገም አያስፈልግዎትም። አንዳንድ አገልግሎቶች በራስ መልእክት ላይ ሲመልሱ ተቀባዩን እርስዎን ራስዎን ስለሚያደርጉ የተቀባዩን መስመር ይመልከቱ።

> ክብርት ወይዘሮ …፣
>
> ስለ ክምችት ቁጥጥር መደብ (ቁጥር 2217) የጻፍኩልዎን መልእክት ከዚህ በታች ያገኙታል። ባለፈው ሳምንት በመድኃኒት አከመቻቸት ላይ ስወስድ የቆየሁትን ሥልጠና አጠናቅቄ ምስክር ወረቀቱን በማመልከቻዬ ላይ ጨምሬያለሁ።
>
> ማመልከቻዬ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።

አዲስ ነገር ካለ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከሌለ አይፍጠሩ፤ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርና ጥያቄው ብቻቸውን ይሄዳሉ። «መልስ አልሰጡኝም» ወይም «ቃል እንደገቡልኝ» የሚሉት አነጋገሮች ወቀሳ ስለሚመስሉ ይቅሩ። ባለሙያው በእርግጥ ያደርገዋል ያለው ነገር ቢኖር እንኳ «እንደተነጋገርነው» ማለት ይበቃል።

ከሁለተኛው በኋላም ዝም ከተባለ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው የማመልከቻውን ሁኔታ በድረ ገጹ መለያዎ ውስጥ ይመልከቱ። ሥርዓቱ ማመልከቻው በግምገማ ላይ እንደሆነ የሚያሳይ ከሆነ ሦስተኛ ኢሜይል የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። መደቡ ከተዘጋ ወይም ሌላ ሰው ከተመረጠ ለባለሙያው አጭር ምስጋና መላክ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ጉዳይ ላይ መጻፍ ያቁሙ። ድርጅቱ ሌላ የሚስማማዎትን መደብ ሲያወጣ ግን በአዲስ ርዕሰ ጉዳይ፣ በአውደ ርዕዩ መገናኘታችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስታውሰው መጻፍ ይችላሉ። ለዚህ እንዲያመች ለማን፣ መቼ፣ ስለ የትኛው መደብ እንደጻፉና ምን እንደተመለሰልዎ በአንድ ሠንጠረዥ ይያዙ።

መልስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ አንዳንዴም የሚመጣው ከባለሙያው ሳይሆን ከማያውቁት አድራሻ ነው፤ መልእክትዎ ወደ ሌላ ሰው ስለተላለፈ። ስለዚህ ስፓም የሚለውን ማኅደር በየቀኑ ይመልከቱ፣ የማያውቁት የስልክ ጥሪም ይመልሱ። ለቃለ መጠይቅ ሦስት አማራጭ ሰዓቶች ከተሰጥዎት አንዱን ለይተው ይምረጡና «ሁሉም ይመቸኛል» ብለው አይመልሱ፤ ምርጫው ወደ ባለሙያው ተመልሶ ሌላ መልእክት ይጠይቃል። በዚያው የመልእክት ሰንሰለት ላይ፣ በተቻለ መጠን በዚያው የሥራ ቀን፣ የተጠየቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መልሱ፤ ሰነድ ከተጠየቀም ከዚሁ መልስ ጋር ይሂድ።